ጎንደር ላይ መብራት በጠፋ ቀን ማመልከቻ ማስጻፍ ላለባችሁ፦ ጃንተከል አካባቢ ያሉትን ጸሐፊ ጋሼን እወቋቸው

ጎንደር ውስጥ ማመልከቻ ማስጻፍ ወይም የትምህርት ማስረጃ ኮፒ ማድረግ ካለባችሁ አንድ ሰው ልጠቁማችሁ። ከጃንተከል ዋርካ ብዙም ሳይርቅ አረንጓዴ የላሜራ በር ያላት ጠባብ ሱቅ አለች። ማስታወቂያ የላትም። በሩ ላይ በእጅ የተጻፈ «ጽሕፈትና ኮፒ» የሚል ካርቶን ብቻ ተንጠልጥሏል። ባለቤቱን ሰፈሩ ሁሉ «ጸሐፊ ጋሼ» ነው የሚላቸው። ስማቸውን ልጻፍ ወይ ብዬ ጠይቄያቸው «ስሜ ምን ያደርግላቸዋል፣ በሩን ንገሪያቸው» ስላሉኝ በሩን ነገርኳችሁ።

ጽሑፉ ይረዝማል፣ ታገሱኝ። ምስጋናው ያለ ታሪኩ አይገባችሁም።

በአካውንቲንግ ነው የተመረቅሁት። የመውጫ ፈተናውንም አልፌያለሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን ሥራ የፈለገ ሁሉ ያውቀዋል፤ ከሰሌዳ ሰሌዳ መዞር፣ «ዜሮ ዓመት» የሚል ማስታወቂያ ሲገኝ መሮጥ፣ ተመዝግቦ ዝም መባል። በዚህ መሀል አንድ መሥሪያ ቤት የጽሑፍ ፈተና ሰጠን፣ አለፍኩ፣ ለቃለ መጠይቅ ተጠራሁ። ጥቅምት መጨረሻ ነው፣ ረቡዕ ቀን። የመጣሁት ከቆላ ድባ ሲሆን አዘዞ የአክስቴ ልጅ ጋ አድሬ ጠዋት በታክሲ ፒያሳ ወረድኩ። 2:30 ተገኙ ስለተባለ 2 ሰዓት ላይ በር ላይ ነበርኩ። የጥቅምትን ብርድ የጎንደር ሰው ያውቀዋል፣ አልዘረዝረውም።

በሩ ላይ ዝርዝር ተለጥፏል። በስም ፊደል ተራ። የኔ ስም የሚጀምረው በ«ፈ» ነው። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ሀ ሁ ያልጠቀመኝ ሰው ነኝ፤ ክትባት ሲሰጥ መጨረሻ፣ ደብተር ሲታደል መጨረሻ። ዝርዝሩን ሳየው ከኔ በታች ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው። ቢሆንም ጥሪ የቀረ ሰው ይታለፋል ስለተባለ ማንም ከኮሪደሩ አይንቀሳቀስም። ወንበር የለም። ግድግዳ ተደግፈን ቆምን።

ፈታኞቹ 3 ሰዓት ተኩል አካባቢ ገቡ። ሁለት ሦስት ሰው እንደተጠራ አንድ የሰው ሀብት ሠራተኛ ወጣና አዲስ ነገር አመጣ። ፈታኞቹ ሦስት ስለሆኑ እያንዳንዳችን ሙሉ የማስረጃ ኮፒ በሦስት በሦስት እንድናቀርብ፣ ከላዩ ላይ በአማርኛ የተጻፈ የሥራ ማመልከቻ እንድናደርግ፣ ያልተሟላለት እንደማይገባ ነገረን። ማስታወቂያው ላይ የተጻፈው «ዋናውና አንድ የማይመለስ ኮፒ» ነበር። አንዱ ልጅ ይህንኑ ሲለው «እኔ የታዘዝኩትን ነው የምነግራችሁ» ብሎ ገባ።

መብራት ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ የለም።

እንግዲህ ሩጫ። ኮፒ ቤት ገባ ስንል «መብራት የለም»፣ ቀጣዩ ጋ «መብራት የለም»። ጄኔሬተር ያለው አንድ ቤት አገኘን፣ ሰልፉ አስፋልት ደርሷል፣ ዋጋውም በእጥፍ ሆኗል። የያዝኩት ብር የመመለሻ ትራንስፖርትና ትንሽ ትርፍ ነው። ተመልሼ መሥሪያ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ስልኬን ሳይ፣ እሱም ባትሪው ሊያልቅ ነው፣ የጥበቃው አባት አዩኝ። አያ ነው የምላቸው፣ በኛ በኩል ታላቅ ሰው እንደዚያ ስለሚጠራ። «ምን ሆነሽ ነው ልጄ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። በዱላቸው ማዶውን አመለከቱኝ። «ያን አረንጓዴ በር ታያለሽ? ጸሐፊው ጋ ሂጂ። መብራት ለሱ ጉዳዩ አይደለም። እኔ ልኬሽ ነው በይ።» ስለ ተራዬ ስጠይቃቸው «'ፈ' አይደለሽ? ገና 'ለ' ላይ ናቸው። ሲደርሱብሽ አፏጭልሻለሁ» አሉ።

ተሻገርኩ። ሱቋ ውስጥ ሁለት ሰው ከቆመ ሦስተኛው ውጭ ነው። ጸሐፊ ጋሼ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ ከፊታቸው የአማርኛ ኦሊቬቲ የጽሕፈት መኪና፣ ጎናቸው ትንሽ ባለቀለም ፕሪንተር፣ ከወንበራቸው ሥር የመኪና ባትሪና ኢንቨርተር። ትልቅ የኮፒ ማሽንም አላቸው፣ ጨርቅ ለብሶ ጥግ ላይ ቆሟል።

በኋላ ሥራው እስኪያልቅ ስንጫወት ለምን እሱን በባትሪ እንደማይሠሩበት ጠየቅኋቸው። «እሱ ዱቄት ነው የሚጠቀም። ዱቄቱን ወረቀቱ ላይ የሚያጣብቀው በሙቀት ነው። እሱን ላሙቅ ካልኩ ኢንቨርተሩ ይጮህና ይጠፋል። ይቺ ግን የምትረጨው ፈሳሽ ቀለም ነው፣ ሙቀት አትፈልግም፣ አንድ አምፖል የሚበላውን ያህል ብትበላ ነው» አሉኝ። መብራት ሲጠፋ ከተማው ውስጥ ያለው ኮፒ ቤት ሁሉ የሚቆመው ለካ በዚህ ነው። ትንሿ ፕሪንተር ዘገምተኛ ናት፣ ብዙ ሰው አታስተናግድም፤ ግን ትሠራለች።

መጀመሪያ ማስረጃዬን ተቀብለው አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። ቴምፖራሪ ዲግሪ፣ ትራንስክሪፕት፣ የመውጫ ፈተና ውጤት፣ የ12ኛ ክፍል ውጤት፣ የፋይዳ መታወቂያ። ትራንስክሪፕቱን ገልብጠው ጀርባውን አዩ። «የነጥቡ ትርጉም ያለው እዚህ ነው። ጀርባው ያልተነሳ ትራንስክሪፕት ጎዶሎ ነው የሚሉ አሉ፣ ቀድመን እንዝጋባቸው» ብለው ሁለቱንም ገጽ አነሱ። መታወቂያዬን ፊትና ጀርባውን በአንድ ወረቀት አንድ ፊት ላይ አወጡት። ስድስት ገጽ ሆነ።

ቴምፖራሪው ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ። ፎቶዬ ላይ ያረፈው ማህተም ሰማያዊ ነው፤ ጥግ ላይ ደግሞ ቀለም የሌለው፣ ወረቀቱን ብቻ ያጎበጠ የደረቅ ማህተም አለ። በጥቁርና ነጭ አንድ አወጡና አሳዩኝ። ሰማያዊው ከፎቶው ጥቁረት ጋር ተቀላቅሎ ጠፍቷል፣ የደረቁ ጭራሽ የለም። በቀለም ደገሙት፣ ሰማያዊው ታየ። ከዚያ ወረቀቱን መስታወቱ ላይ አዙረው፣ ላይኛውን ወደ ታች አድርገው አስቀመጡት። የማሽኑ መብራት ከአንድ ወገን ስለሚመጣ፣ የደረቅ ማህተም ጥላ የሚጥለው ብርሃኑ ከጎን ሲመታው ነው። ቀናው ላይ ጥላ ካልጣለ ተገልብጦ ሊጥል ይችላል። ትንሽ ጠቆር አደረጉት። ሦስተኛው ሙከራ ላይ የማህተሙ ክብ ቀለል ብሎ ወጣ። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስንት ዓመት ኮፒ ሳስደርግ ይህን ያሳየኝ ሰው የለም። የተበላሹትን ሁለቱን ወረቀት አላስከፈሉኝም። እኔ የማላውቀው ኮፒ ቤት አልነበረም፣ ሁሉም ጥቁሩን ወረቀት አስታቅፎ ብሩን ነው የሚቀበል።

ኮፒዎቹን ወዲያው ደራርቤ ልይዝ ስል እጄን ያዙኝ። የፈሳሽ ቀለም እስኪደርቅ ጊዜ ይፈልጋል፣ ከተነካካ ማህተሙ ይለቀለቃል። መደርደሪያው ላይ ለየብቻ ዘርግተው አቆዩት።

ከዚያ ማመልከቻው። እኔ ስልኬ ላይ አንድ የእንግሊዝኛ ማመልከቻ ነበረኝ፣ ሁሉም የሚልከው ዓይነት። ሊያዩትም አልፈለጉም። «የማስታወቂያው ቁጥርና ቀን አለሽ?» አሉኝ። ፎቶ አንስቼው ነበር። የሥራ መደቡ ስም ማስታወቂያው ላይ እንደተጻፈው አንድ ቃል ሳይቀየር መግባት አለበት፣ «ጀማሪ የሒሳብ ሠራተኛ» ካለ «አካውንታንት» ብለሽ አትጻፊ፣ መዝገብ ቤት የሚያገናኘው በስሙ ነው አሉኝ። ሦስት ወረቀት አወጡ። በመሀላቸው ሁለት ካርቦን፣ ጥቁሩን ፊት ወደ ታች። ጠርዙን ጠረጴዛው ላይ ነካ ነካ አድርገው አስተካክለው ሲሊንደሩ ውስጥ አስገቡት።

አጻጻፋቸውን ብታዩት። አንዳንዱን ፊደል በሁለት ምት ነው የሚያወጡት፣ መጀመሪያ ግዕዙን ከዚያ ቅጥያውን፤ ጣታቸው ግን አይደናበርም። ምቱ ጠንካራ ነው፣ ምክንያቱም ለሦስተኛው ወረቀት መድረስ አለበት። ከተሳሳቱ ሦስቱም ላይ ማረም ስለሚሆን አንዴ ዓረፍተ ነገሩን በቃላቸው ብለውት፣ እኔ «ልክ ነው» ስል ነው የሚመቱት። «ኢንጂነር አያና ብሩ ነፍሳቸውን ይማረውና ይህን ፊደል በመኪና ባያስገቡት ዛሬ በብዕር ነበር የምጽፍልሽ» አሉ እየመቱ። ከ30 ዓመት በላይ የፍርድ ቤት አቤቱታና ይግባኝ ሲጽፉ ኖረዋል። ሰው ሁሉ ወደ ኮምፒውተር ሲሄድ መኪናዋን ያልሸጧት ለዚህ ቀን ነው መሰለኝ።

ማመልከቻው አጭር ነው። ጉዳዩ በአንድ መስመር፣ ከዚያ ማን እንደሆንኩና የጽሑፍ ፈተናውን ማለፌ፣ ከዚያ ጥያቄዬ። ማሞገስ የለ፣ «ታታሪና ቅን» የለ። ሳቅ ብለው «ታታሪነትሽን እነሱ ይዩት» አሉኝ። ከታች ግን አንድ ነገር ጨመሩ። «አባሪ፦ 6 ገጽ» ብለው ስድስቱንም በተራ ዘረዘሩ፤ 1ኛ ይህ፣ 2ኛ ይህ እያሉ። ከዚያ ኮፒዎቹ ጥግ ላይ በእርሳስ ከ1 እስከ 6 ቁጥር ጻፉ። ምን ያደርጋል ብዬ ስጠይቅ «ወረቀት ይጠፋል ልጄ። ሲጠፋ ያቀረብሽው አንቺ እንደሆንሽ፣ የጣለው ማን እንደሆነ ማወቂያው ይኸው ነው» አሉ። ሦስቱም ላይ በብዕር አስፈረሙኝ። ፊርማ በካርቦን የወረደ ከሆነ የማይቀበል አለ።

ሒሳብ ስጠይቅ የኮፒውን ብቻ አሉኝ፣ በገጽ 5 ብር፣ መብራት ባለበት ቀን ዋጋ። የማመልከቻውስ? «ለሥራ ፈላጊ የማመልከቻ ዋጋ የለኝም። የይግባኝ ዋጋ ነው ያለኝ።»

አመስግኜ ልወጣ ስል ስልኬን ከእጄ ወስደው ያችው ባትሪ ላይ ሰኩልኝ። የሥራቸው ባትሪ ነው፣ ከኔ ኋላ ደግሞ ሌሎች ልጆች መምጣት ጀምረዋል። «ሲያልቅ ያልቃል» አሉ። ወንበር ሳቡልኝ። ማዶ ያለው በር ከዚያ ወንበር ላይ ፊት ለፊት ይታያል።

6:30 ሲሆን ፈታኞቹ ለምሳ ወጡ። ገና «ሰ» ላይ ነበሩ። ኮሪደሩ ተቆለፈ፣ ሁላችንም ውጭ። እኔ ጠዋት ሻይ ብቻ ነው የጠጣሁት። ጸሐፊ ጋሼ ከመደርደሪያው ምሳ ዕቃቸውን አውርደው ፊቴ አስቀመጡት። ሽሮ በእንጀራ፣ ዳር ላይ ቃሪያ። እምቢ አልኩ፣ እንደ ወጉ። «ረቡዕ ነው፣ እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልቀምስም። እስከዚያ ይደርቃል። ብዪ።» እርስዎስ ስላቸው ቤታቸው ቅርብ እንደሆነ ነገሩኝ። በላሁ። እውነቱን ለመናገር ጠረግሁት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግን ቤታቸው አልሄዱም፣ ሰው በዝቶባቸው ነበርና ከጎረቤት ጀበና አንድ ስኒ ቡናና ቁራሽ ዳቦ አስመጥተው እየመቱ ነው የበሉት። ያን ሳይ አፍሬ አቀርቅሬ ኮፒ መደርደር ጀመርኩላቸው፤ ለሚደርቀው ወረቀት ቦታ መፈለግ፣ በእርሳስ ቁጥር መጻፍ። ሥራ ሰጡኝ ማለት ነው።

10 ሰዓት ከሩብ ገደማ ከማዶ ፉጨት መጣ። አያ ቆመው ዱላቸውን እያወዛወዙ ነው። ስልኬን ነቅለው፣ ሦስቱን ፋይል አስታቀፉኝና «ሂጂ ዓለሜ፣ ቀስ ብለሽ ተናገሪ» አሉኝ።

ቃለ መጠይቁ አጭር ነበር። ሰዎቹም ደክሟቸዋል። አንደኛው «የባንክ ስቴትመንቱ ከመዝገብሽ 40,000 ብር በልጦ ቢመጣ ከየት ትጀምሪያለሽ?» አለኝ። እኛ ጽፈን ሰጥተን ባለቤቱ ገና ባንክ ወስዶ ካልመነዘራቸው ቼኮች፣ አልኩ። የቼክ ጉርዱን ከስቴትመንቱ ጋር አመሳክራለሁ፤ ያልተመነዘሩት ድምር 40,000 ከሆነ መዝገቡ ትክክል ነው፣ የሚነካ ነገር የለም። ካልሞላ ደግሞ ባንኩ በቀጥታ ገቢ አድርጎልን እኛ ያልመዘገብነው ገንዘብ ካለ እፈልጋለሁ። አንገቱን ነቀነቀ።

ከዚያ መሀል ላይ ያለችው ሴትዮ ፋይሌን እያገላበጠች «የመውጫ ፈተና ውጤት አላቀረብሽም» አለች። ልቤ ወረደ። ግን እጄን ዘርግቼ ማመልከቻው ግርጌ ያለውን አሳየኋት፤ አባሪ 4ኛ፣ የመውጫ ፈተና ውጤት። ቁጥሮቹን ቆጠረች፤ 3 አለ፣ 5 አለ። 4 ከ3 ጀርባ ተጣብቆ ነበር፣ ሁለቱ በአንድ ስቴፕለር ተይዘው። ለካ ጠዋት ከገቡት ልጆች የአንዱ ወረቀት የእውነት ጠፍቶ ትልቅ ጭቅጭቅ ተነሥቶ ኖሯል፣ ቁጥርም ዝርዝርም ስለሌለው የሚረዳው አልተገኘም። በቀኝ በኩል የተቀመጡት ሽማግሌ ማመልከቻዬን ብድግ አድርገው በመስኮቱ ብርሃን አዩት። «ይሄ የታይፕ ነው። ማን ጻፈልሽ?» አሉ። ማዶ ያሉት ጸሐፊ ስላቸው «አሁንም አሉ?» ብለው ሳቁ። ለራሳቸው ጉዳይ ወጣት ሳሉ አጽፈው ያውቁ ይመስለኛል፣ ግን አልጠየቅኩም።

ውጤቱ ሲለጠፍ ተጠባባቂ 1ኛ ሆኛለሁ። ገና አልተጠራሁም። አንዳንዱ «ሥራውን ሳታገኚ ምስጋናው ምንድነው?» ይለኛል። ምስጋናው ለቅጥሩ አይደለም፣ ለሰውየው ነው። ውጤቱን ሳይ ሄጄ ነገርኳቸው፤ «ተጠባባቂ ስድስት ወር ዕድሜ አለው ተብሎ ማስታወቂያው ላይ ከተጻፈ ቀኑን መዝግቢ፣ ሳያልፍብሽ ጠይቂያቸው» ብለው ማስታወቂያውን እንደገና አስነበቡኝ። ተጽፏል። ቀኑን መዝግቤያለሁ።

እሳቸው ጋ ለምትሄዱ የምነግራችሁ ጥቂት ነገር አለ። ኢንተርኔት የላቸውም፤ ውጤት ከድረ ገጽ አውርዱልኝ፣ ፎርም ኦንላይን ሙሉልኝ ብትሏቸው ወደ ጎረቤት ነው የሚመሯችሁ። ስለዚህ የሚታተመውን በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። ጉርድ ፎቶ አያነሱም። የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ከተሰጣቸው ይጽፋሉ፣ ከራሳቸው ግን አያረቁም። ኦርጅናል ቴምፖራሪ ላሚኔት አድርጉልኝ ብትሏቸው እምቢ ይላሉ፤ ላስቲክ ከለበሰ በኋላ ማህተሙን መዳሰስ አይቻልም፣ ተጠራጥሮ የሚመልስ አለ። እኔ እያለሁ አንዱ ልጅ ቀስ ብሎ ኮፒው ላይ ነጥቧን ከፍ ያድርጉልኝ ሲላቸው መነጽራቸውን አውርደው አዩትና ወረቀቱን አጥፈው መለሱለት። ቃል አልተናገሩም፣ ልጁም አልቆየም።

ቴሌብር አላቸው፣ ግን መልእክቱን ለማንበብ መነጽር ፍለጋ ስለሚገቡ ዝርዝር ብር ብትይዙ ይቀልላችኋል። እሑድና በዓል ዝግ ናቸው። ሰኞ ጠዋት ባለጉዳይ ስለሚያጨናንቃቸው ከቻላችሁ ከሰዓት ሂዱ። መብራት ከጠፋ ግን ማልዳችሁ ድረሱ፤ ባትሪዋ ከሰዓት በኋላ ትደክማለች፣ ከዚያ የሚቀረው ታይፑ ብቻ ነው።